ጎዶሎው ተጫዋች፦ በስዊስ ሥርዓት ድልድል ማን ይረፍ?

የስዊስ ሥርዓት ብዙ ተጫዋቾች በጥቂት ዙር የሚወዳደሩበት የድልድል ዘዴ ነው። በዚህ ሥርዓት ተሸንፎ የሚሰናበት የለም፤ ከሁሉም ጋር የሚጫወትም የለም። እያንዳንዱ ተጫዋች በየዙሩ የሚገናኘው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከእሱ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ከሰበሰበ ሰው ጋር ነው። ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር ይጋጠማል። ስሙን ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ዙሪክ በተካሄደ የቼዝ ውድድር ላይ በመዋሉ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጨው ዩልየስ ሙለር የተባለ መምህር ነው። ዛሬ ከትንሽ ክበብ የቅዳሜ ውድድር አንስቶ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን እስከሚሰለፍበት የቼዝ ኦሊምፒያድ ድረስ የሚሠራበት ይኸው ሥርዓት ነው።

መሠረታዊ ደንቦቹ ጥቂት ናቸው። የዙሩ ብዛት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይነገራል። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ውድድር ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገናኙም። በተቻለ መጠን እኩል ነጥብ ያላቸው ይጋጠማሉ፤ ነጭና ጥቁርም በየተራ እንዲደርሳቸው ይደረጋል። አራተኛው ደንብ የተጫዋቾቹ ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን የሚመጣ ነው። ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ አንድ ሰው ይተርፋል፤ ያ ሰው በዚያ ዙር ያርፋል። በቼዝ ዓለም ይህ ዕረፍት «ባይ» ይባላል። የእግር ኳስ ተመልካች ነገሩን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በ13 ክለቦች ሲካሄድ በየሳምንቱ አንድ ቡድን አራፊ ነበር። በሊግ ግን አራፊነት በየተራ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ለአረፈበት ሳምንትም ነጥብ አይሰጥም። በስዊስ ሥርዓት ሁለቱም ይለያያሉ፤ አለመግባባቱም የሚነሣው ከዚህ ነው።

የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን የፊዴ ደንብ ስለ አራፊው የሚለው ግልጽ ነው። አራፊው ተጋጣሚ የለውም፣ ቀለምም አይቆጠርለትም፤ የውድድሩ ደንብ ሌላ ካላለ በስተቀር ግን እንዳሸነፈ ተቆጥሮ አንድ ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ ሲታይ ያለ ሥራ የተገኘ ስጦታ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ ለመጫወት መጥቷል፣ ተጋጣሚ ያጣው በቁጥሩ ጎዶሎነት እንጂ በራሱ ጥፋት አይደለም። ዜሮ ቢሰጠው ሳይጫወት እንደተሸነፈ ይሆናል። አንድ ነጥቡ የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ እንዲሆን ደግሞ ደንቡ ሁለት ገደብ ያበጃል። አንደኛ፣ ባይ የሚሰጠው በተቻለ መጠን ዝቅተኛ ነጥብ ላለው ሰው ነው፤ ለአንደኝነት ከሚፎካከሩት መካከል ለአንዱ ቢሰጥ ፉክክሩን ያዛባዋልና። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ባይ ያገኘ ሰው በዚያው ውድድር ዳግም አያገኝም። ተጋጣሚው ሳይመጣ ቀርቶ በፎርፌ ያሸነፈም እንደዚሁ ነው፤ እሱም አንዴ ሳይጫወት ነጥብ ወስዷል።

እነዚህ ሁለት ገደቦች በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላሉ። እንዴት እንደሚጋጩ የሚታየው አንድ ውድድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲከተሉት ነው። ዘጠኝ አባላት ያሉት ክበብ አራት ዙር ሊጫወት ተነሣ እንበል። ተጫዋቾቹ በሬቲንጋቸው ቅደም ተከተል ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 9 ተመዝግበዋል፤ ጠንካራው 1 ነው፣ አዲስ የመጣውና ሬቲንግ የሌለው 9 ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ዜሮ ነጥብ ስላላቸው አራፊው ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ቁጥር 9 ይሆናል። የቀሩት ስምንቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ግማሽ ጋር በቅደም ተከተሉ ይጋጠማል። 1 ከ5፣ 2 ከ6፣ 3 ከ7፣ 4 ከ8 ማለት ነው። የቁጥር 1 ቀለም በዕጣ ይወጣል። ነጭ ከደረሰው ቁጥር 2 ጥቁር፣ ቁጥር 3 ነጭ እያለ ይቀያየራል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዳኛው ድልድሉን ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ የመጨረሻው መስመር ላይ ከቁጥር 9 ትይዩ «አራፊ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከጎኑ 1 ነጥብ ይሰፍራል። ያ ሰው ክበቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠ ሊሆን ይችላል። ለመጫወት መጥቶ ሌላው ሰዓቱን ሲያስነሳ እሱ ዳር ይቆማል። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ደንብ ይህን አስቦ ሬቲንግ የሌለው ተጫዋች በተቻለ መጠን ባይ እንዳይሰጠው ያዛል፤ የፊዴ ደንብ ግን ይህን ልዩነት አያደርግም። ለክበብ የሚሻለው መፍትሔ ያልተመዘገበ አንድ አባል ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ከአራፊው ጋር እንዲጫወት ማድረግ ነው። አራፊው ነጥቡ እንደተጠበቀ ሆኖ ጨዋታም አያጣም። ውጤቱ በሰንጠረዡ ላይ አይገባም፤ ሬቲንግም አይነካም።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። በመጀመሪያው ዙር 1፣ 2 እና 3 አሸነፉ፤ ያልተጠበቀው ነገር ቁጥር 8 ቁጥር 4ን ማሸነፉ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ያላቸው 1፣ 2፣ 3፣ 8 እና በባይ ያገኘው 9 ናቸው። ዜሮ ላይ ያሉት 4፣ 5፣ 6 እና 7 ናቸው።

ሁለተኛው ዙር የስዊስን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። ባለ አንድ ነጥቦቹ አምስት ስለሆኑ እነሱም ጎዶሎ ናቸው፤ አንዱ ወደ ታችኛው የነጥብ ምድብ ወርዶ መጋጠም አለበት። ሁለት ዓይነት ጎዶሎነት እንዳለ ብዙ ጀማሪ አደልዳይ አያስተውልም። የነጥብ ምድብ ጎዶሎ ሲሆን ከምድቡ አንድ ሰው ይወርዳል እንጂ አያርፍም። የሚያርፈው ከጠቅላላው ተጫዋች አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱን ያምታታ አደልዳይ ከላይኛው ምድብ የተረፈውን «ተጋጣሚ የለህምና አርፍ» ይለዋል፤ መሪዎቹ መካከል ላለ ሰው ነጻ ነጥብ ሰጠ ማለት ነው። በክበብ ውድድር ከሚፈጠሩ ስሕተቶች ሁሉ ክፉው ይህ ነው።

ቀለምን ስናይ 1 በመጀመሪያው ዙር ነጭ ስለነበር ጥቁር ይፈልጋል፤ 3 እና 8ም እንዲሁ። 2 ጥቁር ስለነበር ነጭ ይፈልጋል። 9 ስላልተጫወተ የትኛውም ቀለም ይስማማዋል። ስለዚህ 9 በነጭ ከ1፣ 2 በነጭ ከ3 ጋር ሲገናኙ ሁሉም የሚገባውን ቀለም ያገኛል፤ 8 ወደ ታች ይወርዳል። እታች ካሉት ቀዳሚው 4 ነው፤ ነገር ግን 8 እና 4 በመጀመሪያው ዙር ተገናኝተዋል። ስለዚህ 8 ከ5 ጋር፣ 4 ደግሞ ከ6 ጋር ይጋጠማሉ። ከግርጌው ምድብ ተጋጣሚ ያልቀረለት 7 ያርፋል።

ውጤቱ ሲመጣ 1 አሸነፈ፤ 2 እና 3 አቻ ወጡ፤ 5 ቁጥር 8ን፣ 4 ደግሞ ቁጥር 6ን አሸነፉ። አሁን 1 ሁለት ነጥብ፣ 2 እና 3 አንድ ተኩል አላቸው። 4፣ 5፣ 7፣ 8 እና 9 አንድ አንድ ነጥብ ይዘዋል። 6 ብቻውን ዜሮ ላይ ነው።

ዳኛው ድልድሉን ከማውጣቱ በፊት ነጥቦቹን ደምሮ ማየት አለበት። ዘጠኝ ሰዎች ሲጫወቱ በየዙሩ አራት ጨዋታ አራት ነጥብ ያስገኛል፤ የአራፊው አንድ ነጥብ ሲጨመር አምስት ይሆናል። ከሁለት ዙር በኋላ ድምሩ አሥር መሆን አለበት። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስትና ዜሮ ሲደመሩ አሥር ይመጣሉ። ዘጠኝ ቢመጣ የአንዱ ውጤት ወይም የባይ ነጥብ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው። ይህች ትንሽ ድምር ውጤት ተቀባዩ የተሳሳተበትን ቦታ የምታጋልጠው ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ቦርዱ ላይ ተቀምጧል።

ሦስተኛው ዙር ቀላል ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያለው 6 እስካሁን ስላላረፈ ባይ የእሱ ነው። ከዚያ ድልድሉ ከላይ ይጀምራል። 1 ብቻውን ሁለት ነጥብ ስላለው ወደ ሁለተኛው ምድብ ወርዶ ከ2 ጋር ይገናኛል፤ 3 ደግሞ ወርዶ ከ4 ጋር። ከቀሩት 5 እና 8 ተገናኝተዋል። በቀለምም ሆነ በደንብ የሚስማማው 7 በነጭ ከ5፣ 8 በነጭ ከ9 ጋር ነው። 1 እና 2 አቻ ተለያዩ፤ 3፣ 5 እና 8 አሸነፉ።

አራተኛው ዙር ላይ ነገሩ ይከርራል። 1 እና 3 ሁለት ተኩል ነጥብ አላቸው። 2፣ 5 እና 8 ሁለት ሁለት ይዘዋል። 4፣ 6፣ 7 እና 9 አንድ አንድ ነጥብ ላይ ናቸው። በልማድ የሚሠራ አደልዳይ ዓይኑን ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ይጥልና 9ን ሊያሳርፍ ይነሣል፤ 9 ግን በመጀመሪያው ዙር አርፏል። 7 በሁለተኛው፣ 6 በሦስተኛው አርፈዋል። ከግርጌው ምድብ ባይ ሊያገኝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሬቲንግ ከክበቡ አራተኛ የሆነው 4። ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ በመጨረሻው ዙር ደረጃውን ላሻሽል ብሎ የመጣ ጠንካራ ተጫዋች እንዲያርፍ ይነገረዋል። ይህ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። የደንቡ መልስ ግን የማያሻማ ነው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ካላቸው መካከል ያላረፈ እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ የአሠራር ምክር ይወጣል፤ በእጅ የሚያደለድል ሰው ሁልጊዜ አራፊውን አስቀድሞ ይወስን። ድልድሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ አራፊው በተፈጥሮው የመጨረሻ ይመስላል። እስከ መጨረሻ ወርዶ በእጁ የቀረው ሰው 9 ቢሆን ግን ሥራው ሁሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚህ ዙር 4 አስቀድሞ ከወጣ የቀረው ራሱ ይሰካካል። 3 እና 1 አልተገናኙምና ይገናኛሉ። ሁለቱም ሁለት ጊዜ ነጭ፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ስለያዙ ሁለቱም ጥቁር ይፈልጋሉ። የቀለም ታሪካቸው ፍጹም አንድ ስለሆነ ቅድሚያው በደረጃ ለሚበልጠው ለ1 ይሰጥና 3 ነጭ ይይዛል። 2 በነጭ ከ8 ይጋጠማል። 5 ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ7 ጋር ስለተገናኘ ከ6 ጋር ይሆናል። 9 እና 7 ይቀራሉ። አራት ቦርድ፣ አንድ አራፊ።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንቀይር። በሁለተኛው ዙር 4 ቁጥር 6ን ያሸነፈው ተጫውቶ ሳይሆን 6 ስላልመጣ በፎርፌ ቢሆን ኖሮ፣ 4ም ባይ የማግኘት ብቁነቱን ባጣ ነበር። ከግርጌው ምድብ ማንም ሊያርፍ አይችልም ማለት ነው። ባዩ ወደ ላይ ወጥቶ ሁለት ነጥብ ካላቸው ከ2፣ ከ5 ወይም ከ8 ለአንዱ ይደርስ ነበር። ያ ሰው ነጻ ነጥቡን ይዞ ሦስት ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ከአናት ካሉት ጎን ይሰለፋል ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር አንድ ሰው ሳይናገር መቅረቱ በአራተኛው ዙር የሽልማት ቦታን ያናጋል።

ሳይናገሩ መቅረት ለክበብ ከጎዶሎ ቁጥር ይልቅ ይከብዳል። በሦስተኛው ዙር 8 በነጭ ከ9 ጋር ተደልድሎ ነበር፤ 6 ደግሞ አራፊ ነበር። 9 ሳያስታውቅ ቀረ እንበል። 8 ሰዓቱን አስነሥቶ ተጋጣሚውን ይጠብቃል፤ የተፈቀደው የመዘግየት ጊዜ ሲያልፍ በፎርፌ ያሸንፋል። 6 ከአዳራሹ ሌላ ጥግ ያለ ተጋጣሚ ተቀምጧል። ለመጫወት የመጡ ሁለት ሰዎች ሳይጫወቱ ይመለሳሉ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ ገና አልተገናኙም። 9 ድልድሉ ከመውጣቱ በፊት ቢደውል ኖሮ ስምንት ሰው ቀርቶ ማንም አራፊ አይኖርም ነበር። ለዚህ ነው ጥሩ ዳኛ ድልድሉን ከማውጣቱ በፊት በስም የሚጠራው። ነጥቡን ያየ ሁሉ ስለ ፎርፌው ያወራል፤ ዳኛው ግን የሚያስበው ባይ ሊያገኙ ከሚችሉ ሰዎች ዝርዝር በአንድ ምሽት ሁለት ስም መሰረዙን ነው።

መቅረቱን አስቀድሞ የሚናገር ተጫዋች ሌላ መንገድ አለው። ብዙ ውድድሮች ለአንድ ዙር ፈቃድ ለጠየቀ ሰው ግማሽ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ይህ የግማሽ ነጥብ ባይ ይባላል። ከአራፊው ባይ ጋር መምታታት የለበትም። አንዱን ተጫዋቹ ይጠይቀዋል፣ ሌላውን ድልድሉ ይሰጠዋል። አንዱ ግማሽ ነው፣ ሌላው ሙሉ። ፈቃድ የጠየቀው ሰው ከድልድሉ አስቀድሞ ስለሚወጣ ቁጥሩን ይገለብጠዋል። ዘጠኝ አባላት ካሉበት አንዱ ፈቃድ ሲወስድ ስምንት ይቀራሉ፣ አራፊም አይኖርም። አሥር አባላት ካሉበት ክበብ አንዱ ፈቃድ ሲወስድ ግን ዘጠኝ ይቀራሉ፤ የአንዱ ፈቃድ ለሌላው ዕረፍት ይሆናል። ስለዚህ ክበቡ ስንት የግማሽ ነጥብ ባይ እንደሚፈቀድ፣ እስከ መቼ እንደሚጠየቅና በየትኞቹ ዙሮች እንደማይሰጥ ከመጀመሪያው ዙር በፊት መወሰን አለበት። በመጨረሻው ዙር መፍቀድ ተገቢ አይደለም። ግማሽ ነጥብ ለሽልማት እንደሚበቃው ያየ ተጫዋች የሚያሰጋውን ተጋጣሚ ሸሽቶ እቤቱ ይቀራልና።

አብዛኛው ክበብ ዛሬ ድልድሉን በኮምፒውተር ያወጣል። ፕሮግራሙ ቀለሙንና ምድቡን ያለ ስሕተት ያሰላል፤ የሚሳሳተው የሚያስገባለት ሰው ነው። ውድድሮች ለፊዴ በሚላኩበት የሪፖርት ፋይል ላይ አራፊው የሚጻፈው `U` በሚል ምልክት ነው። በፈቃድ የተወሰደ ግማሽ ነጥብ `H`፣ ያለ ነጥብ መቅረት `Z` ይባላል። በፎርፌ ያሸነፈ `+`፣ ሳይመጣ ቀርቶ የተሸነፈ `-` ይጻፍለታል። ቸኩሎ ለቀረ ሰው በ`Z` ፋንታ `H` የጻፈ ዳኛ ግማሽ ነጥብ በስጦታ ሰጠ። በፎርፌ የተገኘን ድል እንደ ተራ ድል የመዘገበ ደግሞ የባሰ ስሕተት ሠራ፤ ፕሮግራሙ ያንን ሰው እንደተጫወተ ስለሚቆጥር በኋለኛ ዙር ባይ ሊሰጠው ይችላል፤ ሬቲንጉም ባልተካሄደ ጨዋታ ይሰላል። ድልድሉ እንግዳ ሲመስል መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ምልክቶች ናቸው።

የባይ ጥላ ውድድሩ ካለቀም በኋላ ይቀራል፤ እኩል ነጥብ ያላቸውን ለመለየት ሲሞከር ይመጣል። በምሳሌው የመጨረሻ ዙር 1 ቁጥር 3ን፣ 2 ቁጥር 8ን፣ 5 ቁጥር 6ን፣ 7 ደግሞ ቁጥር 9ን አሸነፉ። 1 በሦስት ተኩል ነጥብ አንደኛ ሆነ። 2 እና 5 ሦስት ሦስት ነጥብ አላቸው። በቼዝ የተለመደው መለያ ቡኾልዝ ይባላል፤ ተጫዋቹ የገጠማቸውን ሰዎች የመጨረሻ ነጥብ መደመር ነው። ጠንካሮችን የገጠመ ይበልጣል። 2 የገጠማቸው 6፣ 3፣ 1 እና 8 በድምሩ ዘጠኝ ነጥብ ሰብስበዋል። 5 የገጠማቸው 1፣ 8፣ 7 እና 6 ደግሞ ስምንት ተኩል። ሁለተኛነቱ በግማሽ ነጥብ ልዩነት ለ2 ሆነ። ሁለቱም አራቱንም ዙር ስለተጫወቱ ሒሳቡ አያከራክርም።

ወደ ታች ወረድ ሲባል ይከብዳል። 4፣ 7 እና 8 እኩል ሁለት ነጥብ አላቸው። 8 አራት ሰው ገጥሟል፤ ድምሩ ዘጠኝ ነው። 4 እና 7 ግን አንድ አንድ ዙር ስላረፉ የገጠሙት ሦስት ሦስት ሰው ነው። የ7 ድምር ስድስት ተኩል፣ የ4 አምስት ተኩል ይመጣል። የዕረፍቱ ዙር በዜሮ ከተቆጠረ አራፊዎቹ በሦስት ሰው ድምር ከባለ አራቱ ጋር ይወዳደራሉ፤ ይህ ደግሞ ባዩን ያልጠየቀን ሰው መቅጣት ነው። አሁን የሚሠራበት የፊዴ አሠራር ለዚያ ዙር ምናባዊ ተጋጣሚ ያቆምለታል፤ ነጥቡም ከአራፊው ከራሱ የመጨረሻ ነጥብ ጋር እኩል ይሆናል። በዚህ ስሌት ለሁለቱም ሁለት ሁለት ሲጨመር 7 ስምንት ተኩል፣ 4 ሰባት ተኩል ይደርሳሉ። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ አልተለወጠም፤ 8፣ 7፣ 4 እንደሆነ ቀረ። ልዩነቱ ግን ከሁለት ተኩል ወደ ግማሽ ነጥብ ጠበበ፤ በሌላ ውድድር ይህ ደረጃ ይቀይራል። በእጅ የሚያሰላ ክበብ የትኛውን አሠራር እንደሚከተል አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ሽልማቱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚመረጥ መለያ ለማንም አሳማኝ አይሆንም።

የተጫዋቾቹ ቁጥር በጣም ሲያንስ ሥርዓቱ ራሱ ይደክማል። ጨዋታዎቹ ሁሉ በመሸናነፍ ካለቁ ስምንት ሰዎችን ለመለየት ሦስት ዙር፣ አሥራ ስድስቱን ለመለየት አራት ዙር ይበቃል። ለዘጠኝ ሰው አራት ዙር ተገቢ የሆነውም በዚህ ስሌት ነው። ዙሩ እየበዛ ሲሄድ ያልተገናኙ ተጫዋቾችና ያላረፉ ሰዎች አብረው ያልቃሉ፤ በመጨረሻ መሪው ከግርጌው ሰው ጋር ካልሆነ ተጋጣሚ ያጣል። አምስት ወይም ሰባት ሰው ብቻ ከመጣና በቂ ምሽት ካለ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጫወትበት ውድድር ይሻላል። አምስት ሰው በአምስት ዙር፣ ሰባት ሰው በሰባት ዙር ይጨርሳል። በዚያ ውድድር ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ስለሚያርፍ ለዕረፍቱ ነጥብ መስጠት አያስፈልግም፤ ማን ይረፍ የሚለውም የሚወሰነው ገና ከመጀመሪያው፣ መርሐ ግብሩ ሲወጣ ነው።